ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የማያሳየው ኪሳራ

«አደጋን ለመለካት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይበቃል። ሁለት ፈንዶች አማካይ ውጤታቸውና ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው እኩል ከሆነ አደጋቸውም እኩል ነው። ከሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያለፈ ኪሳራ በተግባር አይገጥምም። ዳውንሳይድ ዴቪዬሽን የሚባለው ያንኑ ቁጥር ለሁለት ከፍሎ ማቅረብ ነው። ማክሲመም ድሮውዳውን ደግሞ አንዴ የደረሰ ክፉ አጋጣሚ ነው፤ ስለ ወደፊቱ ምንም አይነግርም። ገንዘባችሁን ይህ ቁጥር ዝቅ ባለበት አስቀምጡ፤ በሰላም ተኙ።»

ይህ የተጻፈው ቁጠባቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈው አልጠራጠርም። ነገር ግን ምክሩን ይዞ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት አለብኝ ብዬ አሰብኩ።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ውጤቶች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚለካ ቁጥር ነው። ከሁለቱ ፈንዶች ልነሳ። ስሌቱ በቀላሉ እንዲታይ ቁጥሮቹን እኔው መርጫቸዋለሁ። ፈንድ «ሀ» ለ11 ወር በየወሩ 2 በመቶ ያተርፋል፤ በአንዱ ወር ግን 10 በመቶ ይከስራል። ፈንድ «ለ» ለ11 ወር አያተርፍም፣ አይከስርም፤ በአንዱ ወር 12 በመቶ ያተርፋል።

መጀመሪያ አማካዩን እናውጣ። የ«ሀ» 22 ሲደመር፣ 10 ሲቀነስ፣ 12 ይቀራል። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1 በመቶ ነው። የ«ለ»ም 12 ለ12 ሲካፈል ያው 1 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ። በ«ሀ» ውስጥ 11ዱ ወሮች ከአማካዩ በ1 ነጥብ ይርቃሉ። የኪሳራው ወር በ11 ነጥብ ይርቃል። እያንዳንዱን ርቀት በራሱ አባዝተን ስንደምር 11 እና 121፣ በድምሩ 132 ይሆናል። ለ12 ሲካፈል 11፤ የ11 ስኩዌር ሩት 3.32 ነው። በ«ለ» ውስጥም 11 ወሮች በ1 ነጥብ፣ አንዱ ወር በ11 ነጥብ ይርቃሉ። ድምሩ 132፣ ውጤቱ 3.32 በመቶ። እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ አንድ ናቸው።

አንደኛው ግን በአንድ ወር ከእጃችሁ አንድ አሥረኛውን ይወስዳል። ሌላኛው ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም አይነካባችሁም። ምክንያቱ ስውር አይደለም። ርቀቱ በራሱ ሲባዛ ምልክቱ ይጠፋል። ወደ ላይ 11 የሄደውም፣ ወደ ታች 11 የሄደውም እኩል 121 ይሆናሉ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚጠይቀው «ከአማካዩ ምን ያህል ይርቃል?» ብቻ ነው፤ «ወዴት?» ብሎ አይጠይቅም። ውጤቶቹ ከአማካዩ ግራና ቀኝ በተመሳሳይ ቅርጽ ከተበተኑ ይህ ችግር አይፈጥርም፣ አንዱን ጎን ማወቅ ሌላውን ማወቅ ነውና። ወደ አንድ ወገን ረጅም ጭራ ያላቸው ውጤቶች ላይ ግን ቁጥሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። በዚህ ቁጥር ላይ የቆመው የሻርፕ ሬሾም፣ ማለትም ትርፍን ከስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ፣ ያው ነው፤ «ሀ»ንና «ለ»ን መለየት አይችልም።

ስለ ሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የተባለውንም በዚሁ ምሳሌ መፈተሽ ይቻላል። የ«ሀ» የ10 በመቶ ኪሳራ ከአማካዩ 3.3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ውጤቶቹ የደወል ቅርጽ ያለውን ኖርማል ስርጭት ቢከተሉ ኖሮ እንዲህ ያለ ወር ከ2,200 ወር ገደማ አንዴ ነበር የሚመጣው። ይህም ከ180 ዓመት በላይ ነው። እዚህ ግን ከ12 ወር አንዱ ነው። «አይገጥምም» የሚለው ቃል የመጣው ከፈንዱ ሳይሆን ከደወሉ ቅርጽ ነው። ደወሉ ከሌለ ተስፋውም የለም።

ስህተቱ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። በዚሁ የደወል አስተሳሰብ «ለ»ን ብንለካው፣ ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ ታች ስንሄድ የ5.6 በመቶ ኪሳራ ይጠብቀናል። «ለ» ግን በታሪኩ አንድም ጊዜ አልከሰረም። ስለዚህ ቁጥሩ በአንዱ ፈንድ ላይ ያለውን ኪሳራ ሲደብቅ፣ በሌላው ላይ የሌለውን ይፈጥራል።

«ለሁለት ከፍሎ ማቅረብ» የተባለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ዳውንሳይድ ዴቪዬሽን የሚጀምረው ከአንድ መነሻ ቁጥር ነው። መነሻውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። «ገንዘቤ እንዳይቀንስ ብቻ» ካላችሁ ዜሮ ነው። «ቢያንስ የባንክ ወለድ ያህል» ካላችሁ ያንን ወለድ ትወስዳላችሁ። ከዚያ ከመነሻው በታች የወደቁትን ወሮች ብቻ ትወስዱና በምን ያህል እንደወደቁ ታያላችሁ። ርቀታቸውን በራሱ ታባዛላችሁ፤ ከመነሻው በላይ ያሉት ወሮች ዜሮ ሆነው ይቆጠራሉ። ድምሩን በሁሉም ወሮች ብዛት ታካፍላላችሁ። ስኩዌር ሩቱ መልሱ ነው።

መነሻውን ዜሮ ብናደርግ በ«ሀ» ውስጥ አንድ ወር ብቻ ነው ከታች ያለው። 100 ለ12 ሲካፈል 8.33፣ ስኩዌር ሩቱ 2.89 በመቶ። የ«ለ» ዜሮ ነው። ሁለቱ ፈንዶች ወዲያው ተለያዩ።

በኤክሴል ላይ ለመሥራት የወሮቹ ውጤት ከB2 እስከ B13፣ መነሻው ደግሞ E1 ላይ ከሆነ ይህ ይበቃል፦

```
=SQRT(SUMPRODUCT((B2:B13<E1)*(B2:B13-E1)^2)/COUNT(B2:B13))
```

ብዙዎች ግን የኪሳራ ወሮችን ለብቻ ያወጡና የእነሱን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያሰላሉ። ይህ ከባድ ስህተት ነው። በ«ሀ» ላይ የኪሳራ ወር አንድ ብቻ ነው። የአንድ ቁጥር መበተን ዜሮ ስለሆነ `STDEV.P` ዜሮ ብሎ ይመልሳል። 10 በመቶ የከሰረው ፈንድ ምንም አደጋ የሌለበት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ ድምሩን በኪሳራ ወሮች ብዛት ብቻ ያካፍላሉ። ያ 10 በመቶ ይሰጣል። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ 10 በመቶ የሚከስር ፈንድም ያንኑ 10 በመቶ ያገኛል። ኪሳራው ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣ ከስሌቱ ወጥቷልና። አንድ ሰው የሰጣችሁ ዳውንሳይድ ዴቪዬሽን ግራ ካጋባችሁ መጀመሪያ «በስንት አካፈልከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ «መነሻህ ስንት ነው?» ይሁን። መነሻው ካልተነገረ ሁለት ቁጥሮችን ማወዳደር አይቻልም።

አሁን ወደ ግማሹ ጉዳይ። መነሻውን አማካዩ ራሱ ላይ ብናስቀምጥና ስርጭቱ ግራ ቀኙ እኩል ቢሆን፣ ዳውንሳይድ ዴቪዬሽን የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 71 በመቶ ገደማ ነው። ግማሽ የሚሆነው ከስኩዌር ሩቱ በፊት ያለው ቁጥር፣ ማለትም ቫሪያንሱ ነው። እንግዲህ ይህ 71 በጣም ጠቃሚ ቁጥር ነው። በእኛ ምሳሌ መነሻውን 1 በመቶ ስናደርግ የ«ሀ» ዳውንሳይድ ዴቪዬሽን 3.18 ይሆናል፤ የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 96 በመቶ ማለት ነው። የ«ለ» ግን 0.96 ብቻ ነው፤ 29 በመቶ። 71 አካባቢ ካገኛችሁ ስርጭቱ ሚዛኑን የጠበቀ ስለሆነ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብዙ አያሳስታችሁም። ከዚያ በደንብ ከበለጠ መበተኑ የመጣው ከኪሳራው በኩል ነው። በደንብ ካነሰ የመጣው ከትርፉ በኩል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት አንዱ ብቻውን የማይናገረውን ይናገራል።

እዚህ ላይ ታሪኩንም መጥቀስ ተገቢ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን በኢንቨስትመንት ውስጥ ያነገሠው የኢኮኖሚስቱ የሃሪ ማርኮዊትዝ የ1952 ሥራ ነው። ማርኮዊትዝ ራሱ በ1959 ሴሚቫሪያንስን፣ ማለትም የታችኛውን ጎን ብቻ የሚለካውን ቁጥር፣ በሰፊው መርምሮታል። ቫሪያንስን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ለስሌት ስለሚቀል ነበር። ይህ ቅለት ዛሬም እውነተኛ ጥቅም አለው። ብዙ ንብረቶችን በአንድ ላይ ስታደርጉ ቫሪያንሳቸውን አብረው እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ከሚያሳየው ከኮቫሪያንሳቸው ጋር ደምሮ የጠቅላላውን ማግኘት ይቻላል። በዳውንሳይድ ዴቪዬሽን እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ የተቀላቀለውን ውጤት ወር በወር እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ጣሉት አልልም። «ይበቃል» የሚለውን ነው የማልቀበለው።

ስለ ማክሲመም ድሮውዳውን የተባለው ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ድሮውዳውን ማለት ገንዘባችሁ ከደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ተነስቶ፣ ያንን ቦታ መልሶ ከማለፉ በፊት ምን ያህል እንደወረደ ነው። ከእነዚህ ቁልቁለቶች ትልቁ ማክሲመም ይባላል። እውነት ነው፣ ከአንድ ታሪክ የሚወጣ አንድ ቁጥር ነው። ነገር ግን ሌሎቹ ሁለቱ በፍጹም የማያዩትን ነገር ያያል፤ ቅደም ተከተልን።

ስድስት ወር 4 በመቶ የሚያተርፍ፣ ስድስት ወር 3 በመቶ የሚከስር ፈንድ እንውሰድ። ትርፍና ኪሳራው ወር በወር ቢፈራረቁ ትልቁ ቁልቁለት 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ወር ኪሳራውን መልሶ ያልፈዋል። ስድስቱ የኪሳራ ወሮች ተከታትለው ቢመጡ ግን ገንዘቡ ከከፍታው 16.7 በመቶ ይወርዳል። በሁለቱም መንገድ የዓመቱ መጨረሻ ውጤት 5.4 በመቶ ትርፍ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በሁለቱም 3.5 ነው። ዳውንሳይድ ዴቪዬሽኑም በሁለቱም አንድ ነው። ወሮቹን እንደ ካርታ በውዟቸው፣ ሁለቱ ቁጥሮች ንቅንቅ አይሉም። ለሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስድስት ወር ሲወርድ ያየ ብዙ ሰው ሰባተኛውን አይጠብቅም፤ ሸጦ ይወጣል። ከዚያው ገንዘብ ለቤተሰብ በየወሩ የሚልክ ሰው ደግሞ በቁልቁለቱ ውስጥ እየቆነጠረ ስለሚያወጣ ዋጋው ሲመለስ እሱ ዘንድ የሚመለሰው ያነሰ ነው።

የእውነተኛውን ገበያ ነገር ብናይ፣ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በጥቅምት 9 ቀን 2007 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) 1,565 ላይ ዘጋ። በመጋቢት 9 ቀን 2009 676 ደረሰ። ቁልቁለቱ 56.8 በመቶ ነው። 56.8 በመቶ የወረደን ለመመለስ 56.8 በመቶ መውጣት አይበቃም፤ 131 በመቶ መውጣት ያስፈልጋል። የዋጋው መለኪያ የቀድሞ ከፍታውን ያለፈው በመጋቢት 2013 ነው። ከከፍታው ስንቆጥር አምስት ዓመት ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጡረታ ሊወጣ ለተቃረበ ሰው ይህ ቁጥር ከማንኛውም መበተን ይበልጥበታል።

ግማሹ እውነት ያለው አለካኩ ላይ ነው። ማክሲመም ድሮውዳውን ታሪኩ በረዘመ ቁጥር ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይችልም። ስለዚህ በ2010 የተመሠረተን ፈንድ ከ1995 ጀምሮ ካለ ፈንድ ጋር በዚህ ቁጥር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አዲሱ የ2008ቱን ውድቀት አላየም። ሁለቱንም ከተመሳሳይ ቀን እስከ ተመሳሳይ ቀን ለኳቸው። በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደተለካም ተመልከቱ። ያንኑ የኤስ ኤንድ ፒ ውድቀት በወር መጨረሻ ዋጋ ብቻ ብትለኩት 52.6 በመቶ ነው የሚወጣው፤ በወሩ መሀል የነበረው ታች ይጠፋል። ይህ ግን በጥንቃቄ እንድንጠቀምበት እንጂ እንድንተወው ምክንያት አይሆንም።

የመጨረሻው ምክር ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። በእኛ ሰዎች ላይ የደረሰ ነገር ስላለ በብር ላስረዳ።

በውጭ የሚኖር፣ ሀብቱን በዶላር የሚያስብ፣ ግን በአዲስ አበባ ባንክ በብር የሚቆጥብ ሰው አስቡ። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ዶላር በባንክ 54 ብር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በሐምሌ 2016 መጀመሪያ 57 ብር ከ50 አካባቢ ነበር። የወጣው በየቀኑ በሳንቲም ነው፤ በወር ሲታይ 0.4 በመቶ ገደማ። የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ስለነበር በወር ወደ 0.6 በመቶ ያገኛል። ልዩነቱ፣ በወር 0.2 በመቶ ገደማ፣ በዶላርም ቢሆን ትርፍ ነው። ወር ከወር አይዛነፍም ማለት ይቻላል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከየትኛውም የአክሲዮን ፈንድ እጅግ ያነሰ ነው። በጸሐፊው መመዘኛ በሰላም የሚተኛበት ቦታ ይኼ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላርን በ74 ብር ከ70 ሳንቲም አካባቢ ይገዛ ጀመር። በዶላር ለሚያስበው ቆጣቢ ይህ በአንድ ቀን የ23 በመቶ ኪሳራ ነው። በነሐሴ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ቁልቁለቱ ከ42 በመቶ በላይ ሆነ። በወር 0.2 በመቶ እያተረፉ ይህን ለመመለስ ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጃል።

አሁን የእኔንም መሣሪያዎች በዚሁ ሚዛን ላስቀምጣቸው። በ2016 ሰኔ ላይ ቆሞ የአንድ ዓመት ተኩሉን ታሪክ የለካ ሰው ዳውንሳይድ ዴቪዬሽንም ድሮውዳውንም ዜሮ አካባቢ ነበር የሚያገኘው። ፈንድ «ሀ»ም ኪሳራው በ12ኛው ወር ቢመጣ፣ በ11ኛው ወር ላይ ሦስቱም ቁጥሮቹ ዜሮ ናቸው። ያልደረሰን ነገር የሚለካ ቀመር የለም። ሦስቱም ከተለካው ጊዜ ውጭ ማየት አይችሉም።

ልዩነቱ የሚመጣው ሰውዬው የመለኪያ ጊዜውን ሲያረዝም ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በአንድ ቀን ሲወርድ ዶላር ከ23 ብር ከ40 ወደ 26 ብር ከ90 አካባቢ ወጥቶ ነበር። በነሐሴ 2002 መጨረሻም ከ13 ብር ተኩል ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 አካባቢ ዘሎ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቱን በድሮውዳውን ያየ ሰው «ለዓመታት በሳንቲም፣ ከዚያ በአንድ ቀን በብዙ ብር» የሚለውን ቅርጽ በግልጽ ያየዋል። መቼ እንደሚሆን አይነግረውም። እንደሚሆን ግን ይነግረዋል። «ስለ ወደፊቱ ምንም አይነግርም» ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው።

ሌላም ምልክት ነበር። ከለውጡ በፊት በነበሩት ወሮች ዶላር በጥቁር ገበያ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ይሸጥ ነበር። የባንኩ ዋጋ የተረጋጋው አደጋ ስለሌለ አልነበረም፤ ዋጋውን የሚወስን አካል ስለነበር ነው። እንዲህ ባለ ዋጋ ላይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስታሰሉ የምትለኩት የወሳኙን ጥንቃቄ ነው። የስዊስ ማዕከላዊ ባንክም ከመስከረም 2011 ጀምሮ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞ ነበር። ጥር 15 ቀን 2015 (ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለቀቀው፤ ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። ከዚያ በፊት የነበረው የመበተን ቁጥር ትንሽ ስለነበር ብዙዎች ብዙ ተበድረው ገብተውበት ነበር። ዋጋቸው በገበያ ሳይሆን በግምት ወር በወር የሚመዘገብ የሕንፃና የግል ብድር ፈንዶችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ዝቅተኛ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይዞ ሲመጣ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ዋጋውን ማን እንደሚወስነው ጠይቁ። ከዚያ በየወሩ የምታገኙት ትንሽ ትርፍ ለምን እንደሚከፈላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አንድ ነገር እስካልሆነ ድረስ» የሚል ሐረግ ካለበት፣ እያያችሁት ያለው የ«ሀ» የመጀመሪያዎቹ 11 ወሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ያ «አንድ ነገር» ሲሆን ስንት እንደምታጡ በራሳችሁ ብር ወይም ዶላር አስሉት፤ በብር ምሳሌ ቢሆን የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ ልዩነት ራሱ ግምቱን ይሰጣችሁ ነበር።